ላልመጣው ጎረቤት የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ

ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው ስብሰባ ላይ ሲገኝ «በል አንተ ጻፍልን» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ቃለ ጉባኤ ነው። ምሳሌውን ከደሴ ከተማ፣ ከፒያሳ ወስደነዋል። የመንደር ምንጭ በጋራ የምትጠርጉም ብትሆኑ ነገሩ አንድ ነው።

በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ የከተማ ነዋሪዎችም በቀበሌ ማኅበር ተደራጁ። እንደ ደሴ ባሉ ከተሞች ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ቆጣሪ መኖርን ለምዷል። ቆጣሪው አንድ ሲሆን ሂሳቡም አንድ ነው። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ስድስት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ አለ እንበል። የወሩ የውሃ ሂሳብ በድንገት እጥፍ ሆነ። አንዱ «ልብስ አጣቢዋ ናት» ይላል፣ ሌላው «ጠላ ጠማቂዋ ናት» ይላል። ሰው ከመክሰስ በፊት ግን ቆጣሪውን መጠየቅ ይሻላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘጉና ቁጥሩን ጻፉ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ማንም ውሃ ሳይቀዳ፣ እንደገና አነበቡ። 360 ሊትር አልፏል! በ20 ሊትር ጀሪካን ብንቆጥረው 18 ጀሪካን ነው። ሁሉም ተኝቶ ሳለ ይህን ያህል ውሃ የፈሰሰው ከመሬት በታች ነው፤ ቧንቧው ዝጎ ተበስቷል። ይህ ፍተሻ የሚሠራው ግን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ባልተቋረጠበት ቀን ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቆጣሪው የቆመው ቧንቧው ደህና ስለሆነ ሳይሆን ውሃው ስለጠፋ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ተሰበሰቡ። ከስድስቱ ቤት አራቱ መጡ። አንዱ ባለቤት ለንግድ ኮምቦልቻ ወርዷል፣ አንዷ ልጅ ልታስጠምቅ ገጠር ሄዳለች። ጸሐፊው መጻፍ ያለበት ለእነዚህ ለሁለቱ ነው፤ የተገኘውማ ሰምቷል። ያልመጣ ሰው የሚጠይቀው ምን ተወሰነ፣ ስንት እከፍላለሁ፣ እስከ መቼ፣ ባልስማማስ የት እናገራለሁ ብሎ ነው። ማን እንደጮኸ፣ ማን ማንን እንደተሳደበ አይጻፍ፤ ያ ጠብን በወረቀት ማቆየት ነው።

ጸሐፊው እንዲህ ጻፈ፦

«እሑድ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተደረገ ስብሰባ። የተገኙ አራት ቤት፣ ያልተገኙ ሁለት ቤት። ጉዳዩ፦ የተበሳው ቧንቧ። በፍተሻ በአንድ ሌሊት 360 ሊትር መፍሰሱ ታይቷል። ውሳኔ፦ ቧንቧው ይለወጥ። ዋጋው ከነሠራተኛው ብር 2,400 (ሁለት ሺህ አራት መቶ) ነው። እያንዳንዱ ቤት ብር 400 (አራት መቶ) እስከ ኅዳር 22 ለገንዘብ ያዡ ይክፈል፣ ደረሰኝም ይቀበል። ሦስት ቤት ደግፏል። አንድ ቤት ‹በሰው ቁጥር እንጂ በቤት ቁጥር አይከፈል› ብሎ ተቃውሟል። የወር ሂሳቡ አከፋፈል ያልተገኙት ሲመጡ ይታያል። ተቃውሞ ያለው እስከ ኅዳር 20 ለሰብሳቢው ይንገር።»

እስቲ አንድ ሁለት ነገር እንመልከት። «ሁሉም ተስማሙ» ብሎ ቢጽፍ ውሸት ነበር። የተቃወመው ሰው ኋላ «እኔ መቼ ተስማማሁ?» ሲል ወረቀቱ ሁሉ ይጠረጠራል። የወር ሂሳቡንም ያለ ሁለቱ ቤት አለመቁረጣቸው መልካም ነው። ቧንቧው ቀን አይሰጥም፤ የሂሳቡ ክፍፍል ግን አንድ ሳምንት ቢቆይ ጉዳት የለውም። ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል፤ 400 ላይ አንድ ዜሮ መጨመር ቀላል ነው፣ «አራት መቶ»ን ግን አራት ሺህ ማድረግ ይከብዳል።

ስሕተት ሲገኝ አትፋቁት። በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ከላይ ጻፉ፣ ሰብሳቢውም ከጎኑ ይፈርምበት። ከመጨረሻው ቃል በታች ባዶ ቦታ ከቀረ መስመር አስምሩበት፣ ማንም ኋላ እንዳይሞላው። ከዚያ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ለተሰብሳቢው አንብቡ። መጻፍ የማይችል ካለ የሰማውን አምኖ የጣት አሻራውን ያኑር።

ለሁለቱ ቤት ግልባጭ ተጻፈ። አንዱን የነጋዴው ሚስት ተቀብላ ቀኑን ጽፋ ፈረመች። የሌላው ቤት በር ዝግ ስለሆነ ግልባጩ በር ሥር አልተወረወረም፤ ሰብሳቢው ዘንድ ቆየ። ሴትዮዋ ኅዳር 19 ስትመለስ በእጇ ተሰጣት፤ ለመቃወም አንድ ቀን ብቻ ስለቀራትም ሰብሳቢው እስከ ኅዳር 22 ጨመረላትና በግልባጩ ላይ ጽፎ ፈረመበት።