ቃልና ኵሉ፦ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን የዕብራይስጥ ቃላት በግዕዝ ፊደል መለየት

በቴል አቪቭና በሐይፋ መካከል ባለው የባቡር መስመር ላይ የሚገኘው የሐዴራ ጣቢያ «ሐዴራ ማዓራቭ» ይባላል። ማዓራቭ ምዕራብ ነው። ቃሉን በጆሮው ብቻ ይዞ የሚጽፍ ሰው ዐይን በሚባለው ፊደል ቦታ አሌፍን ካስገባ ግን ምዕራቡ ወደ ደፈጣ ይለወጥበታል፤ አድፍጦ መጠበቅም በዕብራይስጥ ማዓራቭ ነውና።

ይህ ችግር የመጤ ብቻ አይደለም። በአብዛኛው እስራኤላዊ አፍ ዛሬ አሌፍና ዐይን፣ ቴትና ታቭ፣ ካፍና ቆፍ አንድ ዓይነት ሆነው ስለሚሰሙ፣ እዚያው የተወለዱ ልጆችም ሲጽፉ ያምታቱባቸዋል። የአማርኛ ፊደል የቆጠረ ሰው ግን ብዙዎች የሌላቸው መፍቻ አለው። ግዕዝና ዕብራይስጥ ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ ዕብራይስጡ በአፍ የዋጠውን ልዩነት ፊደላችን በጽሑፍ ይዞታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አጠራጣሪ ቃል ሲገጥም በመጀመሪያ በትርጉምም በድምፅም የሚቀርበውን የአማርኛ ወይም የግዕዝ ቃል ይፈልጉ። ቀጥሎ ያንን ቃል በጥንቃቄ ይጻፉት። ከዚያ ፊደሉን ወደ ዕብራይስጡ ያሻግሩ፦ አ ወደ አሌፍ፣ ዐ ወደ ዐይን፣ ተ ወደ ታቭ፣ ጠ ወደ ቴት፣ ከ ወደ ካፍ፣ ቀ ወደ ቆፍ። ሐም ኀም ወደ ሔት ይሄዳሉ።

«ኮል» የሚለውን እንውሰድ። አንዱ ኮል ድምፅ ሲሆን ሌላው ኮል «ሁሉ» ነው። የድምፁ ዘመድ በአማርኛ «ቃል» ነው፤ በቀ ስለሚጻፍ ዕብራይስጡም ቆፍ ይወስዳል። የሁለተኛው ዘመድ የግዕዙ «ኵሉ» ስለሆነ ካፍ ይሆናል። ውጤቱን በጆሮ ማረጋገጥም ይቻላል። ከፊቱ «በ» ሲጨመርበት የካፉ ቃል ይለሰልስና «በኾል ማኮም»፣ በየቦታው፣ ይባላል። የቆፉ ግን አይለሰልስም፤ ጮክ ብሎ መናገር «በኮል ራም» ነው። እኔ ከሁሉም መላ ይህን አስበልጣለሁ፤ መዝገበ ቃላት ሳይገለጥ የሚፈተን ነውና። «ካር» ለሚለውም ያገለግላል፤ ቅዝቃዜው የኛ «ቁር» ስለሆነ በቆፍ፣ ትራሱ በካፍ ይጻፋል።

ሁለት ፊደል በአንድ ጊዜ የሚፈታም አለ። «ታኢም» የሚጣፍጥ ምግብ ሊሆን ይችላል፣ ክፍሎች ወይም ሕዋሳትም ሊሆን ይችላል። የሚጣፍጠው «ጥዑም» ነው፤ ጠ ቴትን፣ ዑ ዐይንን ይሰጣል። ክፍሎቹ በታቭና በአሌፍ ይጻፋሉ።

ሥራ የሚበዛው አሌፍና ዐይን ላይ ነው። ጠንና ተን፣ ቀንና ከን አማርኛ ተናጋሪ በምላሱ ይለያቸዋል፤ አን ከዐ ግን አይለይም፣ የሚያድነው አጻጻፉ ብቻ ነው። «ምእራብ» ብሎ መጻፍ የለመደ ሰው ጣቢያውን አሌፍ ብሎ ይሳሳታል። ስለዚህ ሥርን ጠብቆ የሚጽፍ መዝገብ ያስፈልጋል፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌም የደስታ ተክለ ወልድም ለዚህ ይሆናሉ። ኦሪትን በግዕዝ ያነበቡ ቄስ በአቅራቢያ ካሉ እሳቸውን መጠየቅ ይሻላል። ዐይንን ከጉሮሮ የሚያወጡ የየመን አይሁድ ሽማግሌ ጎረቤት ካሉም ቃሉን እንዲሉት መጠየቅ ነው።

በዚህ መንገድ «ኢም»ን እንፍታ፤ ለትምህርት ቤት በሚጻፍ አጭር ደብዳቤ ውስጥ እንኳ ሁለቱም ይመጣሉ፦ «ቢያመው፣ ከእናቱ ጋር ይምጣ።» «ቢ» የሚለው ኢም በግዕዝ «እመ» ነው፤ ስለዚህ አሌፍ። «ጋር» የሚለው ኢም በዐይን ይጻፋል። እሱን ለማስታወስ፣ ሕዝብ ማለት የሆነው «ዐም» በዚያው ሁለት ፊደል መጻፉን ይያዙ፤ ሰው ከሕዝብ ጋር ነው። እናትም በዕብራይስጥ «ኤም» ስትሆን በአሌፍ ትጻፋለች፤ የግዕዙ «እም» ይመሰክራል።

መላው የማይሠራባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። «ኦር» ብርሃንም ቆዳም ነው፤ ለሁለቱም በአማርኛ የታወቀ ዘመድ ስለሌለ ብርሃኑን በአሌፍ፣ ቆዳውን በዐይን ብሎ በቃል መያዝ ነው። ዘመዳሞቹ የሚለያዩበትም ጊዜ አለ። ግዕዝ «ቀተለ» ሲል በተ ነው፤ ዕብራይስጡ ግን «ኬቴል»ን፣ እልቂትን፣ በቴት ይጽፋል። ከአውሮፓ የገቡ ቃላት ደግሞ ፈጽሞ ወደዚህ ሚዛን አይገቡም። ስልክን በአማርኛ «ቴሌፎን» ብለን በተ ብንጽፍም በዕብራይስጥ በቴት ይጀምራል፤ የውጭ ቃል «ት» ሲኖረው አብዛኛውን ጊዜ ቴት፣ «ክ» ሲኖረው ቆፍ ይሰጠዋል።