የድመት ጅራት፣ ጆሮና ዐይን፦ ሦስቱን ምልክቶች አጣምሮ ስለ ማንበብ

አጠቃሎ

የቤት ድመት ወደ ሰው ስትቀርብ በጅራቷ፣ በጆሮዋና በዐይኗ የምታሳያቸው ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው ቋሚ ፍቺ እንዳላቸው ተደርገው ይወሰዳሉ፦ ቀጥ ያለ ጅራት ደስታ፣ ወደ ኋላ የዞረ ጆሮ ቁጣ፣ የተከደነ ዐይን እርካታ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው አንድ ለአንድ ፍቺ የት ላይ እንደሚሰናከል ያሳያል። ጅራት የአቀራረብን ሐሳብ እንጂ የግንኙነቱን ፍጻሜ አይነግርም፤ ፍጻሜውን ይበልጥ የሚያመለክተው ጆሮ ነው፤ የዐይን መጥበብ ደግሞ የሰላም ምልክትም የሕመም ምልክትም ሊሆን ስለሚችል ያለ ጆሮና ያለ ራስ አቀማመጥ ሊተረጐም አይገባውም።

1. ጅራት፦ የአቀራረብ ሐሳብ

ከሦስቱ ምልክቶች ከሩቅ የሚታየው ጅራት ነው። ድመቷ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ፣ ጫፉን እንደ ከዘራ እጀታ ጎበጥ አድርጋ ስትቀርብ አመጣጧ በጎ እንደ ሆነ ይነገራል። ይህ አባባል በሙከራ የተደገፈ ነው። ሻርሎት ካሜሮን ቦሞንት በ1997 በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበችው የዶክትሬት ጥናት በጥቁር የተቆረጡ የድመት ቅርጾችን ለድመቶች አሳይታ ነበር። ጅራቱ የተነሣውን ቅርጽ ያዩ ድመቶች ቶሎ ብለው ወደ ቅርጹ የቀረቡ ሲሆን የራሳቸውንም ጅራት አነሡ፤ ጅራቱ የወረደው ቅርጽ ግን ይህን አቀባበል አላገኘም። ከቅርጹ ሽታም ድምፅም ስለማይወጣ ውጤቱ ከጅራቱ አቋም ብቻ የመጣ ነው።

በ2009 የታተመው የሲሞና ካፋትሶና የኤውጄኒያ ናቶሊ ጥናት ደግሞ በሮም በኅብረት በሚኖሩ ድመቶች መካከል የጅራት ማንሣትን ማኅበራዊ ጠባይ መረመረ። ምልክቱ ከመሽተትና ከመታከክ በፊት የሚመጣ ከመሆኑም በላይ፣ በአብዛኛው በደረጃ ዝቅ ያሉት ድመቶች ከፍ ላሉት የሚያቀርቡት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የተነሣ ጅራት «ደስ ብሎኛል» ከማለት ይልቅ «ለጠብ አልመጣሁም፤ ልቅረብ» ወደሚል ሰላምታ ይጠጋል። የድመት ግልገሎችም ወደ እናታቸው ሲሮጡ ጅራታቸውን የሚያነሡት በዚሁ አኳኋን ነው።

ሆኖም ቀጥ ያለ ጅራት ሁሉ ሰላምታ አይደለም። ጠጉሩ ቆሞ ጅራቱ እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ከወፈረ፣ ጀርባም ከጎበጠ፣ ድመቷ ፈርታ ራሷን ለመከላከል ተዘጋጅታለች ማለት ነው። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ እያንቀጠቀጠች ጀርባዋን ለግድግዳ ወይም ለበር መቃን ከሰጠች ደግሞ ሽንቷን ረጭታ ስፍራዋን ልትለይ ነው። የጅራት እንቅስቃሴም ከውሻ ጋር ለኖረ ሰው አሳሳች ነው፤ ውሻ ጅራቱን ሲያወዛውዝ የለመደ ተመልካች የድመትን ወዲያና ወዲህ የሚመታ ጅራት ለወዳጅነት ይወስደዋል። በድመት ዘንድ ግን ይህ የመረበሽ ወይም የመበሳጨት ምልክት ነው።

2. ጆሮ፦ ግንኙነቱ ወዴት እንደሚያመራ

ጀርመናዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ፓውል ላይሃውዘን የድመትን ፊት በሁለት አቅጣጫ ደረጃ በደረጃ እየለየ አሳይቷል፤ አንደኛው አቅጣጫ የማጥቃት፣ ሁለተኛው የመከላከል ዝንባሌ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በጆሮ ላይ ነው። ለማጥቃት የምትዝት ድመት ጆሮዋ እንደ ቆመ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ከፊት ለሚመለከታት ሰው የጆሮዋ ጀርባ ይታየዋል። የፈራች ድመት ጆሮ ግን ወደ ጎንና ወደ ታች ወርዶ በራስ ቅሏ ላይ ይለጠፋል፤ ከፊት ሲታይ ራሷ ጆሮ የሌለው ክብ ነገር ይመስላል። ሁለቱም በተለምዶ «ጆሮዋን ወደ ኋላ አደረገች» ቢባሉም የሚጠይቁት ምላሽ የተለያየ ነው። ከፊተኛይቱ መራቅ ያስፈልጋል፤ ለኋለኛይቱ ደግሞ መሸሻ መንገድ መተው ይገባል። መውጫ ያጣች ፈሪ ድመት በጥፍሯም በጥርሷም ትከላከላለችና።

በርትራን ዴፑትና ባልደረቦቹ በ2021 ባሳተሙት ጥናት በድመቶች መካከል የተደረጉ 254 ግንኙነቶችን መዝግበው የጆሮንና የጅራትን ሁኔታ በአንድነት መረመሩ። የግንኙነቱን ፍጻሜ በይበልጥ ያመለከተው ጆሮ ነበር፤ የሁለቱም ድመቶች ጆሮ ቆሞ ሲገኝ ግንኙነቱ ባመዛኙ በሰላም ተፈጽሟል። ጅራት ማንሣትም ድመቶች እርስ በርስ ሲገናኙ ከሚታየው ይልቅ ወደ ሰው ሲቀርቡ እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኝቷል።

ጆሮን በማንበብ ረገድ ተደጋግሞ የሚፈጸመው ስሕተት መስማትን ከስሜት ጋር ማደባለቅ ነው። የድመት ሁለት ጆሮዎች አንዱ ከሌላው ተለይቶ ይንቀሳቀሳል፤ ከኋላ ድስት ቢንኳኳ አንዱ ጆሮ ወደዚያው ዞሮ ወዲያው ይመለሳል። ስሜትን የሚያመለክተው ሁለቱም ጆሮዎች አንድ ዐይነት አቅጣጫ ይዘው ድምፁ ካለፈም በኋላ ሲቆዩ ነው።

3. ዐይን፦ ሰላም ወይስ ሕመም?

ዝግ ያለ ጭፈና የሚባለው ድመቷ የዐይኗን ቆብ ጥቂት ጊዜ በከፊል ከደን ገለጥ ካደረገች በኋላ ዐይኗን ረዘም ላለ ጊዜ የምታጠብበት ወይም የምትጨፍንበት ተከታታይ እንቅስቃሴ ነው። ታዝሚን ሀምፍሪ፣ ካረን ማኮምብና ባልደረቦቻቸው በ2020 ሁለት ሙከራዎችን አሳትመዋል። በመጀመሪያው በ14 ቤቶች የሚኖሩ 21 ድመቶች ተሳትፈዋል፤ ባለቤቶቻቸው በዝግታ ሲጨፍኑላቸው ድመቶቹም ዐይናቸውን በከፊል መክደንና ማጥበብ አዘወተሩ። በሁለተኛው ሙከራ ድመቶቹ የማያውቁት ሰው አንድ ጊዜ በዝግታ እየጨፈነ፣ ሌላ ጊዜ ፊቱን ምንም ስሜት ሳያሳይበት እጁን ዘረጋላቸው፤ ድመቶቹ ወደ እጁ ይበልጥ የቀረቡት በጨፈነላቸው ጊዜ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ዝግ ያለ ጭፈናን «ፈገግታ» ብሎ መተርጐም ግን ቸኩሎ መደምደም ነው። ይኸው የተመራማሪዎች ቡድን በዚያው ዓመት በድመቶች መጠለያ ባደረገው ጥናት በጭፈና የመለሱ ድመቶች ቶሎ አሳዳጊ ያገኙ ቢሆንም፣ ሰውን የሚፈሩት ድመቶች ለተጨፈነላቸው ጭፈና ረዘም ያለ መልስ የመስጠት ዝንባሌ አሳይተዋል። እንግዲህ ምልክቱ የተረጋጋች ድመት ብቻ ሳይሆን የሚያሰጋት ሰው ትኩር ብሎ እንዳያያት የምትለማመጥ ድመትም ሊሆን ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው የሕመም ጉዳይ ነው። በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ በ2019 የታተመው የድመት የፊት ሕመም መለኪያ አምስት ነገሮችን ይመለከታል፦ የጆሮ አቋም፣ የዐይን መጥበብ፣ የአፍና የአፍንጫ ዙሪያ መወጠር፣ የጢም ሁኔታና የራስ አቀማመጥ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከ10 ነጥብ 4ና ከዚያ በላይ ያገኘች ድመት የሕመም ማስታገሻ እንድታገኝ ይመከራል። በዚህ መለኪያ የጠበበ ዐይን የሕመም ምልክት ነው፤ ይኸው ዐይን በዝግታ ጭፈና ጥናት የሰላም ምልክት ተብሏል። የሚለያያቸውም የዐይኑ ቅርጽ ሳይሆን ጊዜውና አብረውት የሚታዩት ምልክቶች ናቸው። ዝግ ያለ ጭፈና ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በሕመም የጠበበ ዐይን ግን ማንም ባያያትም እንደ ጠበበ ይቆያል።

4. ለማብራሪያ የቀረበ ምሳሌ

አንዲት ድመት በቤት ውስጥ እንግዳ ሲቀመጥ አይታ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ፣ ጆሮዋን ወደ ፊት አቁማ ትመጣለች እንበል። እንግዳው እጁን ዝቅ አድርጎ ይዘረጋል፤ ድመቷ አሽትታ ጉንጯን ትታከካለች። እስከዚህ ድረስ ጅራትና ጆሮ ተስማምተዋል። እንግዳው ራሷን ካሻሸ በኋላ እጁን በጀርባዋ በኩል ወደ ጅራቷ ሥር ያወርዳል። ጥቂት ቆይቶ የጅራቷ ጫፍ ብቻ ይነጥር ጀመር፤ ቀጥሎ የጀርባዋ ቆዳ ይርገበገባል፤ ሁለቱም ጆሮዎቿ ዞረው የጆሮዋ ጀርባ ከፊት ይታያል። እንግዳው ማሻሸቱን ሲቀጥል ትነክሰዋለች። የቤቱ ሰዎች «የድመት ነገር አይታመንም» ይላሉ። ነገር ግን ድመቷ ሐሳቧን የለወጠችው በድንገት አልነበረም፤ እንግዳው ለአቀራረቧ የተሰጠውን ፈቃድ ለመነካካቱም ሁሉ አድርጎ ወሰደው እንጂ። ጆሮዋ በዞረበት ቅጽበት እጁን ቢያነሣ ኖሮ ንክሻው ባልተከተለም ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ንክሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድን ያስከትላል።

ከሁለት ቀን በኋላ ይህችው ድመት ምንጣፍ ላይ ተኮራምታ፣ ዐይኗን በከፊል ከድና ትገኛለች። እንግዳው የሰላም ምልክት መስሎት በዝግታ ይጨፍንላታል፤ እርሷ ግን ዐይኗን አትገልጥም፣ ወደ እርሱም አትዞርም። ሳትነካ ለ30 ሰከንድ ያህል ስትታይ ጆሮዎቿ በመጠኑ ተራርቀዋል (1)፣ ዐይኗ በእጅጉ ጠብቧል (2)፣ የአፏ ዙሪያ በጥቂቱ ተወጥሯል (1)፣ ጢሟ እንደ ወትሮው ነው (0)፣ ራሷ ከትከሻዋ ጋር እኩል ሆኗል (1)። ድምሩ 5 ስለሆነ ከወሰኑ ያልፋል፤ ድመቷ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋታል። በዚህ ጊዜ ለሰው የሚሰጠውን ፓራሲታሞል በቤት መስጠት ስሕተት ነው፤ ለድመት ገዳይ መርዝ ነውና።

5. የንባቡ ወሰን

መለኪያው የተኛች፣ የምትበላ ወይም ራሷን የምትልስ ድመትን ለመመዘን አያገለግልም፤ እነዚህ ሥራዎች ራሳቸው የፊትን ቅርጽ ይለውጣሉና። የተፈጥሮ አካል ልዩነትም ንባቡን ያዛባል፦ ጅራት አልባው ማንክስ የመጀመሪያውን ምልክት ማሳየት አይችልም፤ ጆሮው የታጠፈው ስኮቲሽ ፎልድ ሁልጊዜ የሚፈራ ሊመስል ይችላል፤ ፊቷ የተደፈጠጠ የፋርስ ድመትም ሳያማት የታመመች ልትመስል ትችላለች። ስለዚህ ማነጻጸሪያው ከሁሉ በፊት የዚያችው ድመት የዘወትር ሁኔታ ነው።

ማጠቃለያ

ሦስቱ ምልክቶች ለሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ። ጅራት ድመቷ በምን ሐሳብ እንደምትቀርብ፣ ጆሮ የተጀመረው ግንኙነት ወዴት እንደሚያመራ፣ ዐይን ደግሞ ከእነዚህ ጋር ተጣምሮ ሲነበብ ድመቷ ተረጋግታ ወይም ታምማ እንደ ሆነ ያመለክታሉ። ምልክቶቹ ሲጋጩ፣ ማለትም ጅራት ቀጥ ብሎ ጆሮ ሲዞር ወይም ዐይን ተከድኖ ጆሮ ሲራራቅ፣ ሊታመን የሚገባው ጆሮ ነው፤ እጅም በዚያው ቅጽበት መነሣት አለበት።