ግሩፕ ላይ የተሰነዘረ ቃል፣ ግሩፕ ላይ የሚጻፍ ይቅርታ

ድሬዳዋ ከጂቡቲ ጋር በባቡርም በመኪናም የተሳሰረች ከተማ ናት፤ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና አላት። ከጂቡቲ የሚመጣ ዕቃ ላይ የሚሠራ ቢሮ በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ መጋጨቱ የማይቀርበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ሰዓት ነው። ሁለቱ አገሮች የሰዓት ክልላቸው አንድ ነው፤ አቆጣጠራቸው ግን በ6 ሰዓት ይራራቃል። ጂቡቲ 8 ሲል እኛ ከጠዋቱ 2 ማለታችን ነው። እንበልና አንድ ትራንዚተር ከጂቡቲ የደረሰውን ሳይለውጥ «መኪናው ነገ 8 ሰዓት ከደወሌ ይነሳል» ብሎ ግሩፕ ላይ ለጠፈ። መጋዘን የምትቆጣጠረው ባልደረባው ከሰዓት በኋላ ነው ብላ ጫኝና አውራጆቹን ለማታ ቀጠረች። መኪናው ቀን ላይ ደርሶ ያለ ሥራ ቆመ፤ ሾፌሩ ደወለ፤ ትራንዚተሩም ተናዶ «ሰዓት ማንበብ ለማይችል ሰው ሥራ አይሰጥም» ብሎ ሁሉም በሚያየው ግሩፕ ላይ ጻፈባት። ማታ ሲረጋጋ የራሱን መልእክት ደግሞ አነበበና ስህተቱ ከእሱ እንደተነሳ ገባው። ይህ ሰው የሚጽፈው ይቅርታ እንዲሠራ ከተፈለገ «ይቅርታ» ከሚለው ቃል በፊት ያደረገው ነገር በስሙ መጠራት አለበት የሚል ነው ክርክሬ። አካሄዱን በዚህ ጉዳይ ላይ ደረጃ በደረጃ ላሳይ።

በመጀመሪያ የተጻፈውን አለመንካት። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የላኩትን መልእክት እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማረም ያስችላል፤ መሰረዝም ይቻላል። ሁለቱም የሚያጓጉ ናቸው፣ ሁለቱም ነገሩን ያባብሳሉ። «8 ሰዓት» የሚለው በጓሮ በኩል «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ቢታረም፣ ኋላ ግሩፑን የሚያነብ ሰው በትክክል የተጻፈን ነገር እሷ ያሳሳተች ይመስለዋል። ስድቡ ቢሰረዝ ደግሞ፣ እሷ መልሳለት ከነበረ መልሷ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያለ ምክንያት የተቆጣች ትመስላለች። ስለዚህ ሁለቱም ባሉበት ይቆዩ።

ቀጥሎ ሁለቱን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው አለመግባባቱ ነው፤ ሁለተኛው ንግግሩ። ብዙ ሰው ይቅርታ ለመጻፍ የሚቸገረው እነዚህን አንድ ላይ ስለሚያያቸው ይመስለኛል። «አልተግባባንም እንጂ ማንም አላጠፋም» የሚለው መከራከሪያ ለሰዓቱ በከፊል ይሠራል፤ «8» የሚለው ቁጥር ሁለቱንም ንባብ ይቀበላልና። ለስድቡ ግን አይሠራም። እሱን ማንም አላሳሳተውም። ጽሑፍ ደግሞ አለመግባባትን ከምንገምተው በላይ ያበዛል። ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በኢሜይል የጻፉ ሰዎች ቁምነገራቸውና ስላቃቸው 78 በመቶ ያህል በትክክል እንደሚለይላቸው ገምተው ነበር፤ አንባቢዎቹ የለዩት 56 በመቶ ብቻ ነው። በግምት ከመጣል ብዙም አይሻልም። «እየቀለድኩ እንደሆነ ታውቃለች» የሚል ሰው ይህን ቢያስበው ደግ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ከመጻፍ በፊት መደወል፣ ቢቻል ደግሞ ሄዶ ማነጋገር ነው። ዓላማው ይቅርታውን በቃል ለመጨረስ አይደለም፤ እሷን ለመስማት ነው። ሲንቲያ ፍራንትዝና ኮርትኒ ቤኒግሰን፣ በዚያው በ2005 እ.ኤ.አ.፣ የተበደለው ሰው ተሰምቻለሁ ብሎ ካመነ በኋላ የመጣ ይቅርታ ቶሎ ከተወረወረው የተሻለ እንደሚያረካ አሳይተዋል። እሷ የከፋት ስድቡ ላይሆን ይችላል፤ ያመማት ሥራ አስኪያጁ ግሩፑ ውስጥ መኖሩ፣ ወይም ጫኝና አውራጆቹ ፊት ማፈሯ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይታወቅ የተጻፈ ይቅርታ የማያማትን ቦታ ያሻል። በዚሁ ስልክ ላይ «ግሩፑ ላይ ልጽፈው ነው፣ ይመችሻል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አሁን መጻፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው «በማወቅም ባለማወቅም አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅርታ» የሚለው ነው። ለበዓል ዋዜማ ያምራል፤ እዚህ ግን ምን እንደተደረገ አይናገርም፣ «ከሆነ» እያለም መቀየሟን ራሱ ያጠራጥራል። ሮይ ሌዊኪና ባልደረቦቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት የይቅርታን ስድስት ክፍሎች ለያይቶ ሲመዝን፣ ከሁሉ የበለጠ ክብደት ያገኘው ኃላፊነትን መቀበል ነው፤ ሁለተኛው የተበላሸውን አስተካክላለሁ ማለት። ይቅር በይኝ ብሎ መለመን መጨረሻ ላይ ነው የወጣው። ጥናቱ የአሜሪካ ነው፤ እኛ ዘንድ ልመናው ከዚያ የበለጠ ዋጋ እንዳለው አምናለሁ፣ ስለዚህ አይቅር እላለሁ፤ ግን መጨረሻ ላይ ይምጣ። ትራንዚተሩ እንዲህ ቢጽፍ ይበቃዋል፦

«ትናንት ‹ሰዓት ማንበብ ለማይችል ሰው ሥራ አይሰጥም› ብዬ እዚህ ጽፌብሽ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ‹8 ሰዓት› ያልኩት ከጂቡቲ የመጣውን እንዳለ ገልብጬ ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነበር። አንቺ እንደተጻፈው ነው ያነበብሽው። መኪናው የቆመበትን ምክንያት ዛሬ ከምሳ በፊት ለሥራ አስኪያጁ እኔ ጽፌ አስረዳለሁ፣ ለአንቺም እልክልሻለሁ። ሰው ፊት ስላዋረድኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አንቺ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ድሬዎች አንቱታ አያበዙም። በአዘቦት «አንቺ» የተባባለ ሰው ለይቅርታ ድንገት «እርስዎ» ቢላት የራቃት ይመስላታል። በሥራ ቦታቸው «እርስዎ» የሚባባሉ ከሆነ ደግሞ እሱው ይቀጥል። ሌላው መጠበቂያ «ግን» ነው። «ግን አንቺም ብትጠይቂ ኖሮ» የሚል ሐረግ ከገባ ከላይ ያለው በሙሉ ይፈርሳል። መጠየቅ ነበረባት የሚለው እውነት ቢሆን እንኳ ለሌላ ቀን ይቆይ።

መልእክቱ የሚላከው ለዚያው ለስድቡ መልስ ሆኖ፣ እዚያው ግሩፕ ላይ ነው፤ መልእክቱን ተጭኖ «መልስ» የሚለውን በመምረጥ ሁለቱ ተያይዘው ይታያሉ። እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፦ በእኛ አገር ዕርቅ ፊት ለፊት ነው፣ ሲከብድም ሽማግሌ ይገባበታል፤ ጽሑፍ ቀዝቃዛ ነው። ልክ ነው፤ ስልኩን ያስቀደምኩትም ለዚህ ነው። ግን ስድቡን ያነበቡት ሰዎች ዕርቁ ላይ አልነበሩም። ለብቻዋ ይቅርታ ጠይቋት ግሩፑን ዝም ካለ፣ በሌሎቹ ዘንድ ሰዓት የማታነበው እሷው ናት። ግሩፑ ላይ እንዳይነሳ ራሷ ከጠየቀች ግን የእሷ ቃል ይቀድማል፤ ያኔ የሰዓቱን እርማት ብቻ ስሟን ሳያነሱ መጻፍ ይበቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «በጽሑፍ ካመንኩ ማስረጃ ይሆንብኛል» የሚል ነው። ስድቡ ቀድሞ በጽሑፍ አለ፤ ማስረጃም ከተፈለገ እሱ ነው። ይሁንና ስጋቱ ባዶ አይደለም። መኪናው በመቆሙ ክፍያ ከተጠየቀ፣ ማን ይክፈል የሚለው በይቅርታ መልእክት አይወሰንም። ስለዚህ በናሙናው ውስጥ ሒሳብ አልገባም፤ የገባው የሆነውን ለሥራ አስኪያጁ ማስረዳት ብቻ ነው። ያ ማብራሪያ በተባለው ሰዓት ካልተላከ ግን ይቅርታው ዋጋ የለውም።

ከላኩ በኋላ መልስ አለመጎትጎት። አነስ ባለ ግሩፕ ማን እንዳነበበ ቴሌግራም ለ7 ቀን ያሳያል፤ አንብባ ዝም ብትል መብቷ ነው። «ችግር የለም» ብላም ላይበርድላት ይችላል። ምልክቱ ሥራው ላይ ነው የሚታየው፤ ድሮ እሱን ትጠይቀው የነበረውን አሁን በሌላ ሰው በኩል የምታስጠይቅ ከሆነ ገና ነው። ያኔ ሁለተኛ መልእክት አይጠቅምም፤ ሁለቱም የሚያከብሩት አንጋፋ ባልደረባ ቢገባበት ይሻላል። ትራንዚተሩ በበኩሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚለጥፈውን ሰዓት ሁሉ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በጂቡቲ 8:00» ብሎ በሁለቱም ይጻፍ፤ አንዱን ናሙናም ግሩፑ አናት ላይ ይሰካው።