ጠፍጣፋ እግር፦ የጫማ ንጣፍ የሚረዳውና የማይረዳው

እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ በሴራሚክ ወለል ላይ ቆመሽ ስትሠሪ ውለሽ ማታ ውስጥ እግርሽን የሚያምሽ ከሆነ፣ «እግርሽ ጠፍጣፋ ነው፤ የሕክምና ሶል ግዢ» ያለሽ ሰው ይኖራል። ይህ በጫማ ውስጥ ገብቶ የውስጥ እግርን መሃል የሚደግፍ ንጣፍ ለአንዳንዱ ሕመም በእርግጥ ይረዳል። ለሌላው ግን ገንዘብሽን ከመብላት በቀር ምንም አያደርግም። በዚህ ትምህርት ሁለቱን እንዴት እንደምትለዪ እናያለን።

በመጀመሪያ እግርሽን እዪ

ውስጥ እግርሽን በውኃ አርሺና በደረቅ ካርቶን ላይ ቁሚ። ከዚያ ተነሺና የቀረውን አሻራ ተመልከቺ። በብዙ ሰው እግር መሃሉ ከውስጥ በኩል ጎድጎድ ስለሚል ካርቶኑን አይነካም፤ አሻራውም መሃል ላይ ቀጭን ይሆናል። የአንቺ አሻራ ከተረከዝ እስከ ጣት ሙሉ ከሆነ እግርሽ ጠፍጣፋ ነው።

ይህ በራሱ በሽታ አይደለም። ብዙ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ ምንም ሳያማቸውም ያረጃሉ። የማያምሽ ከሆነ ምንም ነገር መግዛት አያስፈልግሽም።

የሚያምሽ ከሆነ ግን ሌላ ፈተና አለ። ግድግዳ ይዘሽ በሁለቱም እግሮችሽ ጣቶች ላይ ተነሺ። ተረከዝሽ ሲነሳ የውስጥ እግርሽ መሃል ጎድጎድ ካለ እግርሽ ይታጠፋል፤ ጫማና ንጣፍ በብዛት የሚረዱትም እንዲህ ያለውን እግር ነው። ስትነሺም ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ መገጣጠሚያው ደርቆ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ጠንካራ ንጣፍ ሕመሙን ሊያብሰው ስለሚችል ከመግዛትሽ በፊት ሐኪም ጠይቂ።

ከንጣፉ በፊት ጫማው

ጥሩ ንጣፍ በመጥፎ ጫማ ውስጥ ቢገባ አይሠራም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ጫማውን በእጅሽ ፈትኚው። መጀመሪያ የጫማውን ኋላ፣ ተረከዝ የሚያቅፈውን ቦታ፣ በአውራ ጣትሽ ተጫኚ። እንደ ጨርቅ ከተጣጠፈ ተዪው። ቀጥሎ ፊቱንና ኋላውን ይዘሽ እጠፊው፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶችሽ በሚታጠፉበት ቦታ እንጂ መሃሉ ላይ አይደለም። በመጨረሻም እንደ መወልወያ ጨርቅ ጠምዝዢው። በቀላሉ ከተጠመዘዘ እግርሽን ሊይዝልሽ አይችልም።

ጫማ የሚለካው ማታ ነው፤ ቀን የቆመ እግር ማታ ያብጣልና። ሱቅ ሄደሽ መለካት ካልቻልሽና ሌላ ሰው የሚገዛልሽ ከሆነ፣ ወረቀት ላይ ቆመሽ የሁለቱንም እግሮችሽን ዙሪያ በእርሳስ አስምሪና ቆርጠሽ ስጪ። ወረቀቱ ከጫማው ሶል በጎን ተርፎ ከወጣ ጫማው ይጠባል። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይተርፍ። ጫማው በክር ወይም በሚለጠፍ ማሰሪያ የሚጠብቅ ቢሆን ይሻላል። ወለል ስለምታጥቢ ሶሉ የማያንሸራትት ላስቲክ ይሁን።

በብዙ ቤቶች የውጪ ጫማ ቤት ውስጥ ስለማይፈቀድ እህቶቻችን በቀጭን ነጠላ ጫማ ይውላሉ። ነጠላ ጫማ ተረከዝን አይዝም፤ ንጣፍም አይቀበልም። መፍትሔው አንድ ጫማ ለቤት ውስጥ ብቻ መለየት ነው። ለማዳም ንጹሑን ሶል አሳይተሽ «ይህ ወደ ውጪ አይወጣም፤ እግሬን ስለሚያመኝ ነው» ብትያት ነገሩን መረዳት ይቀላታል።

ንጣፉን ስትገዢ

በሊባኖስ ፋርማሲ «ዳባን ጢቢ» ብትዪ ይገባቸዋል። በልክ የሚሠራው ውድ ስለሆነ በእርሱ አትጀምሪ፤ ለብዙ ሰው ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ይበቃል። መሃሉን በጣትሽ ስትጫኚው እንደ ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ የሚሟሽሽ ከሆነ ለስላሳነት እንጂ ድጋፍ የለውም። ከጫማው ውስጥ የነበረውን ንጣፍ አውጪና አዲሱን አስገቢ፤ አለዚያ ጫማው ይጠብሻል። ከፍ ያለው ቦታ በውስጥ እግርሽ መሃል ሥር መዋል አለበት። እንደ ድንጋይ የሚወጋሽ ከሆነ ለእግርሽ አይሆንም።

በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አታድርጊው። ከዚያ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ጨምሪ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ እንግዳ ስሜት መኖሩ የተለመደ ነው፤ ሕመም ግን ከጨመረ አውጪው።

አንድ ምሳሌ

አንዲት እህት ቤይሩት ውስጥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራ እስከ ማታ ትቆማለች እንበል። ከልጅነቷ ሁለቱም እግሮቿ ጠፍጣፋ ናቸው። ማታ ማታ የሁለቱንም ውስጥ እግር ያማታል፤ ግራው ግን ከሁሉ የባሰ ነው። በጣቶቿ ስትነሳ ቅስቱ ይታያል። ስለዚህ ኋላው ጠንካራ የሆነ የስፖርት ጫማ ለቤት ለየች፤ ንጣፍም አስገባችበት። ሁለት ሳምንት ሲሞላ የቀኝ እግሯ ሕመም በጣም ቀለለ። ንጣፉ የሠራው ሥራ እግሯ በየእርምጃው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ መያዝ ነው፤ በዚህም የተጎተተው ጅማት አረፈ። ንጣፉን ብታወጣው ግን እግሯ እንደበፊቱ ጠፍጣፋ ነው። የአዋቂ ሰው ቅስት በንጣፍ ተመልሶ አይበቅልም።

የግራው እግር አልተሻለውም። ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ኋላና ሥር አብጧል። ግድግዳ ይዛ በግራ እግሯ ብቻ ቆማ ተረከዟን ለማንሳት ስትሞክር አቃታት። እግሩም ከቀኙ ይልቅ ይበልጥ ተደፍቶ፣ ጣቶቹ ወደ ውጪ ዞረዋል። ይህ የንጣፍ ጉዳይ አይደለም። ቅስቱን ከላይ ይዞ የሚያቆመው ጅማት ተጎድቷል። ሐኪም በጊዜ ካየው በእረፍት፣ በማሰሪያና በልምምድ ሊሻል ይችላል። ለወራት እየተሠራበት ከቆየ ግን ጅማቱ ሊበጠስ፣ እግሩም በዚያው ቅርጽ ሊደርቅ ይችላል፤ ያኔ ቀዶ ሕክምና እስከ ማስፈለግ ይደርሳል። ስለዚህ ይህች እህት ሌላ ሁለተኛ ንጣፍ ብትገዛ ኖሮ የምታጠፋው ጊዜዋን ነበር።

ሳትዘገዪ ሐኪም የምታዪባቸው ምልክቶች

አንዱ እግርሽ ብቻ በቅርቡ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ በአንድ እግር ቆመሽ ተረከዝሽን ማንሳት ካቃተሽ፣ ከቁርጭምጭሚትሽ ውስጠኛ ጎን ካበጠ፣ እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ቁስል ካለሽ፣ ንጣፍ አትሞክሪ። አንድ ባትሽ በድንገት አብጦ ካመመሽና ከሞቀ ደግሞ ይህ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ሊያይሽ ይገባል። አረብኛ የሚያስቸግርሽ ከሆነ የሚያምሽን ቦታ በብዕር ምልክት አድርጊበት። ሐኪሙ ፊትም በአንድ እግር ቆመሽ ለመነሳት ሞክሪ፤ የሚቸግርሽን በዓይኑ ያያል።

ሌላው ንጣፍ የማይፈውሰው ነገር ያለ እረፍት መቆም ነው። ልብስ ስታጣጥፊና አትክልት ስትከትፊ ተቀምጠሽ ሥሪ። ማታ ደግሞ በግድግዳ ፊት አንዱን እግርሽን ወደ ኋላ ዘርግተሽ፣ ተረከዝሽን መሬት አስነክተሽ፣ የባትሽን ጅማት ለ30 ሰከንድ ሳቢ። በእያንዳንዱ እግር ሦስት ጊዜ አድርጊው። የባት ጅማት ሲጠብቅ እግርን ይበልጥ ወደ ታች ይደፋዋልና፣ ይህ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር ንጣፉን ያግዘዋል።