በምስጋና ደብዳቤ ውስጥ የወደፊት ጥያቄን ማመላከት

ለሙያ ምክር ጊዜያቸውን ለሰጡ ሰው የሚጻፍ የምስጋና ደብዳቤ የወደፊት ጥያቄን ሳይጫን ሊያመላክት ይችላል፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው የግሡ ቅርጽ ነው። አንዲት የሃይድሮሎጂ ተማሪ ላነጋገሯት ባለሙያ እንዲህ ጻፈች እንበል፦

«ከትንተናው በፊት የወንዙ ፍሰት ያልተመዘገበባቸውን ቀናት እንድለይ ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። መዝገቡን በዚሁ መሠረት እያጣራሁ ነው፤ ሲጠናቀቅ ውጤቱን ባሳይዎ ደስ ይለኛል።»

«ባሳይዎ» በሚለው ግሥ የድርጊቱ ባለቤት ጸሐፊዋ ናት፤ «ብ» የተሰኘው ምዕላድ ደግሞ ነገሩን ቅድመ ሁኔታ ላይ ያቆየዋል። ስለዚህ ባለሙያው ዝም ቢሉ እንኳ እንቢ አሉ አያሰኝም። በምትኩ «ይመልከቱልኝ» ብትል ግን ትእዛዝ አዘል ግሡ ወዲያውኑ መልስ ይሻል፤ ምስጋናውም የጥያቄው መንደርደሪያ ይመስላል። ይሁንና ጥቆማው ባለሙያውን የሚያስር ቃል አይደለም፤ ውጤቱ ሲደርስ ጥያቄው በሌላ ደብዳቤ በግልጽ መቅረብ ይኖርበታል።