ደመናው የት ላይ ይቆማል?

ሐምሌ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ። መርካቶ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ የጨርቅ ሱቅ በር ላይ ሁለት ሰዎች ወደ እንጦጦ ማዶ ያያሉ። አንዱ በአየር ጠባይ ትንበያ ሥራ አርጅተው ጡረታ የወጡ አዛውንት፣ ሌላው የሱቁ ወጣት ሻጭ ነው።

ልጁ፦ ጋሼ፣ ያን ደመና ይዩት። ሽቅብ ሲያድግ ቆይቶ አናቱ ጠፍጣፋ ሆነ፤ አሁን ወደ ጎን እየተለጠጠ ነው። ምን አገደው?

ጋሼ፦ ከመነሻው እንጀምር። ፀሐይ አየሩን በቀጥታ ብዙም አታሞቀውም። ብርሃኗ አልፎ መሬቱን ያሞቃል፤ መሬቱ ደግሞ የነካውን አየር። ስለዚህ ሙቀቱ ከታች ነው። የሞቀ አየር ይቀላል፤ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ እየሰፋ ይቀዘቅዛል፤ የያዘው እንፋሎት ጠብታ ይሆናል። ደመና ማለት ይኸው ነው።

ልጁ፦ እየቀዘቀዘ ከሄደ ለምን አይመለስም?

ጋሼ፦ በዙሪያው ያለውም አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል። እንፋሎቱ ጠብታ ሲሆን ደግሞ ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ የሚወጣው አየር ቢቀዘቅዝም ከጎረቤቱ ይሞቃል፤ ጉዞውን ይቀጥላል። አሁን አስላው፦ እዚህ መርካቶ 20 ዲግሪ ነው እንበል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን። 14 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ብትወጣስ?

ልጁ፦ 14 በ6.5... 91 ዲግሪ ይቀንሳል። ከዜሮ በታች 71!

ጋሼ፦ በልኬት ብዙ ጊዜ ከዚያም ይቀዘቅዛል። መሣሪያ የተንጠለጠለበት ባሉን ሲለቀቅ ሙቀቱን በሬዲዮ ይልካል። በእኛ ሰማይ 16 ወይም 17 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ቁጥሩ መውረዱን ያቆምና መልሶ መጨመር ይጀምራል። እዚያ ላይ ትሮፖስፌር የተባለው የመጀመሪያው ንብርብር አለቀ፤ ስትራቶስፌር ተጀመረ። ያ ደመናም አናቱ የተንጣለለው እዚያው ወሰን አካባቢ ነው።

ልጁ፦ ከላይ ምን አሞቀው?

ጋሼ፦ ኦዞን። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር እዚያው ውጦ አየሩን ያሞቀዋል። ስለዚህ ስትራቶስፌር ውስጥ ቀዝቃዛው ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ነው። ከታች የሚመጣው አየር እየቀዘቀዘ ሲገባ ከጎረቤቱ ይከብዳል፤ በወጣበት ጉልበት ጥቂት ዘልቆ ይመለሳል። ይህን በትንሹ በዓይንህ አይተኸዋል፤ ህዳር 12 ማለዳ ሲታጠን ጭሱ ምን ይሆናል?

ልጁ፦ ሰፈሩ ላይ ይተኛል። ፀሐይ ስትበረታ ነው የሚነሣው።

ጋሼ፦ ሌሊቱ ጥርት ስላለ መሬቱ ቀዝቅዞ አጠገቡ ያለውን አየር አቀዘቀዘው፤ ከበላዩ ያለው ሞቆ ቀረ። ጭሱ መውጫ አጣ። የመርካቶው ሞቃት ክዳን ረፋዱ ላይ ይፈርሳል፤ የስትራቶስፌሩ ግን ቀንም ሌትም፣ በጋም ክረምትም አለ።

ልጁ፦ ወሰኑ የትም 16 ኪሎ ሜትር ነው?

ጋሼ፦ አይደለም። ወደ ዋልታዎቹ 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሬቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አየሩ ያን ያህል አይወጣም። 11 ኪሎ ሜትር ላይ የሚበር አውሮፕላን በክረምታቸው ሰሜን አውሮፓ ላይ ብዙ ጊዜ ከደመናው ሁሉ በላይ ነው። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለውን ደመና በላዩ ማለፍ አይችልም፤ ዞሮት ያልፋል።

ልጁ፦ ከስትራቶስፌር በላይስ?

ጋሼ፦ ከ50 እስከ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜሶስፌር ነው፤ ተወርዋሪ ኮከብ የምትለው እዚያ ይነድዳል። ከዚያ በላይ ቴርሞስፌር፤ መጨረሻ ላይ አየሩ ወደ ጠፈር እየሳሳ ያልቃል። ሜሶስፌር እንደገና ሽቅብ እየቀዘቀዘ ይሄዳል።

ልጁ፦ ቆይ ጋሼ! ሽቅብ የሚቀዘቅዝ ከሆነ እንደ እኛው ነዋ። ታዲያ እዚያ ለምን አይዘንብም?

ጋሼ፦ ጥሩ ያዝከኝ። ሙቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ውኃም ያስፈልጋል። እንፋሎቱ ያንን ቀዝቃዛ ወሰን ሲያልፍ አብዛኛው በረዶ ሆኖ ከታች ቀርቷል። አየሩም ራሱ የለም ማለት ይቻላል፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ከጠቅላላው አንድ ሺህኛ አይሞላም። በእኛ ሰማይ ከአየሩ ዘጠኝ አሥረኛው ገደማ ከዚያ ጠፍጣፋ አናት በታች ነው፤ እንፋሎቱ ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ።

ልጁ፦ ወሰኑን ጥሶ የሚያልፍ ነገር የለም?

ጋሼ፦ አለ። የበረታ ነጎድጓድ አናቱን ለጥቂት ደቂቃ ከወሰኑ በላይ ያሾልካል፤ ከጠፍጣፋው ላይ ጉብ ብሎ ካየኸው ከሥሩ ከባድ ዝናብና በረዶ ጠብቅ። እሳተ ገሞራም አለ። ሰኔ 2003 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ናብሮ ሲፈነዳ የድኝ ጋዙ ስትራቶስፌር ገባ። ትሮፖስፌር ውስጥ ቢቀር ዝናብ በቀናት ወይም በሳምንታት ባጠበው ነበር። እዚያ ላይ ግን የሚያጥበው ዝናብ ስለሌለ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ለወራት ተንሳፈፈ።

ልጁ፦ ጋሼ፣ ያው ጉብ አለ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ጣቃዎቹን ወደ ውስጥ አስገባ፤ ላስቲኩንም ዘርጋ።