ሰሌዳው ላይ ስንት ሰዓት ይጻፍ?

ጦር ኃይሎች ባቡር ጣቢያ የወረደ ተመልካች ዲኤስቲቪ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው በር ላይ የቆመውን ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን ለምትጽፉት ልጆች ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ችግሩ በዓመት ሁለት ጊዜ መለወጡ ነው፤ ሰሌዳውም የሚሳሳተው ያኔ ነው።

እኛ ዓመቱን ሙሉ ሰዓታችንን አንነካም። እንግሊዞች ግን በማርች ወር የመጨረሻ እሁድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉትና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ይመልሱታል። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት እስከ ጥቅምት አጋማሽ አዲስ አበባ ለንደንን በ2 ሰዓት ትቀድማለች፣ በቀሪው ጊዜ በ3። በዚያ ላይ እነሱ ከእኩለ ሌሊት፣ እኛ ከንጋት ስለምንቆጥር 6 ሰዓት ይቀነሳል። ሁለቱ ሲጣመሩ አንድ ቁጥር ይቀራል፦ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ከለንደኑ ሰዓት 4 ቀንሱ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 3። የተለመደው የቅዳሜ `15:00` በመጀመሪያው 11 ሰዓት፣ በሁለተኛው 12 ሰዓት ይሆናል። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ይጣላል።

የጥቅምት 2018ቱን ቅዳሜና እሁድ እንውሰድ። ቅዳሜ ጥቅምት 15 ማንቸስተር ዩናይትድ ከብራይተን በለንደን `17:30` ነበር፤ 4 ሲቀነስ ምሽት 1:30። ብሬንትፎርድ ከሊቨርፑል `20:00`፤ ምሽት 4 ሰዓት። በዚያው ሌሊት እንግሊዝ ሰዓቷን መለሰች። እሁድ አርሴናል ከክሪስታል ፓላስ `14:00` ተብሎ ወጣ። በቅዳሜው ሒሳብ 10 ሰዓት ይመጣል፤ ጨዋታው ግን የጀመረው 11 ሰዓት ላይ ነው። እንግዲህ 10 ብሎ የጻፈ ሰው አርሴናሎችን አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ስክሪን ያስጠብቃል። ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፣ እንዲያውም ሻይና ለስላሳ ይሸጣል።

የመጋቢቱ ግን ሌላ ነው። ያኔ በ3 መቀነስ የለመደ እጅ የቅዳሜውን `15:00` 12 ሰዓት ብሎ ይጽፋል፤ ጨዋታው ግን 11 ላይ ይጀምራል። ተመልካቹ ከፍሎ ሲገባ ሁለተኛው አጋማሽ እየተጀመረ ነው፤ ገንዘቤን መልሱልኝ የሚለውም ያኔ ነው። አደናጋሪው ነገር ሰዓቱ የሚለወጥበት ሳምንት ብዙ ጊዜ ሊጉ ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ከሚቋረጥበት ጋር መቀራረቡ ነው። ለውጡ ሳይታይ ያልፍና ስህተቱ ሊጉ ሲመለስ ብቅ ይላል።

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ ሰዓቱን የምትወስዱበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ የውጤት መተግበሪያዎች የስልኩን ሰዓት አይተው ራሳቸው ወደ አዲስ አበባ ይቀይሩታል። እዚያ ላይ `17:00` ካያችሁ የቀረው 6 መቀነስ ብቻ ነው፤ የለንደን መስሏችሁ 4 ከቀነሳችሁ ምሽት 1 ሰዓት የሚል የሌለ ጨዋታ ትጽፋላችሁ። ማስታወቂያው ላይ `CAT` የሚል ካለ ከደቡብ አፍሪካ ሰዓት ጋር እኩል የሆነው የማዕከላዊ አፍሪካ ሰዓት ነው፤ ከእኛ በአንድ ስለሚያንስ 5 ቀንሱ። `GMT` የሚለውን ግን በጭፍን አትመኑ፤ እንግሊዝ ሰዓቷን ገፍታ እያለም ከልምድ `GMT` ብለው የሚጽፉ አሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ በምትጠቀሙበት ምንጭ ላይ በለንደን ቅዳሜ `15:00` የሚደረገውን ጨዋታ ፈልጋችሁ ቀይሩት። 11 ወይም 12 ካልወጣ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ቀንሳችኋል ወይም አልቀነሳችሁም።

አሜሪካ ውስጥ ለሚደረግ ጨዋታ ከሰዓቱ ይልቅ ቀኑ ነው የሚያሳስተው። በሰኔና በሐምሌ ከኒው ዮርክ ሰዓት ላይ 1 መደመር ይበቃል፤ እሁድ `9:00 PM` ከሆነ ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ታዲያ «እሁድ 10 ሰዓት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰዉ እሁድ ከቀትር በኋላ ይመጣል። «ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» በሉት። ሌሊት፣ ጠዋት፣ ምሽት የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ጎን አትዝለሉ፤ ከስልክ ላይ የተገለበጠ `5:00` እንደ እኛ ከተነበበ የምሽት 5 ሊመስል ይችላል።

ከጥቅምት በኋላ የለንደን `20:00` ጨዋታ በእኛ ምሽት 5 ሰዓት ስለሚሆን ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ነው የሚያልቀው። ያን ጊዜ ባቡር የለም፣ ታክሲም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ከመነሻው ሰዓት ጎን ማብቂያውን ጻፉ፤ አየር ጤና ወይም ቤተል የሚሄደው ሰው በምን እንደሚመለስ ከመግባቱ በፊት ይወስን።